ከአሜሪካ የመጣ የልጅ ትኩሳት ሽሮፕ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥርና ቀን እንዴት ላንብበው?

የሀና እናት (ፒያሳ)
መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ልጄ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለባት። አሁን ስለካት 38.6 ነው። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትመዘን 13 ኪሎ ነበረች። እዚያው ያዩዋት ባለሙያ ትኩሳት ሲነሳባት ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት የምገዛውን ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ በአምስት ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚለውን፣ አንድ ማንኪያ ተኩል እንድሰጣት ነግረውኛል። ዛሬም ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰጥቻት ነበር፤ ሆኖም ትኩሳቱ እንዳሰብኩት አልወረደም።

አሁን የቸገረኝ ነገር ሌላ ነው። አሜሪካ ያለችው እኅቴ በሰው እጅ ሁለት ጠርሙስ ልካልኛለች። የሻንጣው ኪሎ እንዳይበዛ ብላ ካርቶኖቹን አውጥታ ስለጣለቻቸው በእጄ ያሉት ጠርሙሶቹ ብቻ ናቸው። አንደኛው የልጆች የትኩሳት መድኃኒት ሲሆን ላዩ ላይ አሴታሚኖፌን በአምስት ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ይላል። ሁለተኛው የልጆች የጉንፋንና የሳል ሽሮፕ ነው። የትኩሳቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ደግሞ 03/2026 የሚል ቀን ታትሟል።

ፓራሲታሞሉ ስላልሠራላት ይህን ሌላውን መድኃኒት አሁን ልስጣት? ብሰጣትስ ያው አንድ ማንኪያ ተኩል ነው? ቀኑስ አልፏል ወይስ አላለፈም? የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

መምህር ከአራት ኪሎ
ከምሽቱ 2፡19

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። በመጀመሪያ ልብ በይ፤ አሴታሚኖፌን የሚባለውና ፓራሲታሞል የሚባለው አንድ መድኃኒት ነው። አሜሪካኖች በአንደኛው ስም ይጠሩታል፣ አብዛኛው ሌላው ዓለም በሁለተኛው። እኔ ይህን ያወቅሁት የልጅ ልጆቼ ከሚኖሩበት አገር ሲልኩልኝ ነው።

የአሜሪካው ግን 160 ስለሚል ከእኛው 120 ይበረታል። ስለዚህ ከተፈላ ውኃ ጋር እኩል በእኩል አቅጥነሽ ብትሰጫት አይከብዳትም ባይ ነኝ። ቀኑን በተመለከተ፣ 2026 የተባለው የፈረንጅ ዓመት ነው እንጂ የእኛ አይደለም፤ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብለሽ እንዳትታለዪ። ወሩ ሦስተኛ ስለሆነ ኅዳር ላይ አልቋል ማለት ነው። እኔ ብሆን ጥቂት ወር ያለፈውን አልጥለውም ነበር፣ ግን አንቺ ታውቂያለሽ።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከምሽቱ 2፡26

እኅቴ፣ ሌላውን ሁሉ ሳያነቡ በፊት ይህን ብቻ ያድርጉ፤ የአሜሪካውን ሽሮፕ አሁን አይስጧት። መምህር እንዳሉት ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ፓራሲታሞሉን 12 ሰዓት ላይ ከሰጧት የሚቀጥለው መጠን ከማታው 4 ሰዓት በፊት መሆን የለበትም፤ ይህም በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት እንዲኖር ነው። አሁን ቢሰጧት በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ እጥፍ መጠን ወሰደች ማለት ነው። እስከዚያው ልብሷን ቀለል አድርገው ፈሳሽ ያጠጧት። ትንፋሿ የሚፋጠን፣ አልጠጣ የምትል ወይም ለመንቃት የምትቸገር ከሆነ ግን ሰዓቱን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ፈሳሽ መድኃኒት ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ነው የሚነበበው። 160 ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ «በአምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ» የሚለው ሲጨመርበት ነው ትርጉም የሚሰጠው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱንም ጠርሙስ ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ማውረድ ነው። 120 ለ5 ሲካፈል 24 ይሆናል፤ 160 ለ5 ሲካፈል 32 ይሆናል። በመድኃኒት ቤት «ሲሲ» የምንለውም ያው ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ የአገራችን ሽሮፕ በሲሲ 24 ሚሊ ግራም፣ የአሜሪካው በሲሲ 32 ሚሊ ግራም ይዟል ብለው ይያዙት።

ለልጅ የሚሰጠው የፓራሲታሞል መጠን በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ልጅዎ 13 ኪሎ ስለሆነች ከ130 እስከ 195 ሚሊ ግራም መካከል ይገኛል። ባለሙያው ያዘዙልዎት አንድ ማንኪያ ተኩል፣ ማለትም 7.5 ሲሲ፣ በአገራችን ሽሮፕ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በልኩ ነው። ያንኑ 7.5 ሲሲ ከአሜሪካው ጠርሙስ ቀድተው ቢሰጧት ግን 240 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በኪሎ ከ18 በላይ ነው። ትዕዛዙ የተነገረዎት በማንኪያ ስለሆነ የሚያገለግለው ለዚያ ለታዘዘበት ጠርሙስ ብቻ ነው። ከአሜሪካው ጠርሙስ የሚሰጧት ከሆነ 5 ሲሲ ይስጧት፤ 160 ሚሊ ግራም ያገኛታል።

መምህር፣ በማቅጠኑ ላይ ግን አልስማማም። ውኃ ሲጨመርበት በእያንዳንዱ ሲሲ ያለው መጠን ይለወጣል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው ሐሰት ይሆናል። ማታ ወላጅ፣ ጠዋት ሠራተኛ በምትሰጥበት ቤት ይህ አደገኛ ነው። መጠን መቀነስ ከተፈለገ የሚቀነሰው የሲሲው ቁጥር ነው።

ቀኑን ደግሞ ላስተካክል። ዓመቱ የፈረንጅ እንደሆነ በትክክል ተናግረዋል፤ ዓመቱ የፈረንጅ ከሆነ ግን ወሩም የፈረንጅ ነው። 03 ማርች ነው እንጂ ኅዳር አይደለም። ቀን ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ሲጻፍ እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ድረስ ይሠራል ማለት ነው፤ ማርች 31 ደግሞ መጋቢት 22 ቀን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ገና አሥር ቀን አለው።

የሀና እናት (ፒያሳ)
ከምሽቱ 2፡34

እግዜር ይስጥልኝ እኅቴ። ልሰጣት ማንኪያው ውስጥ ቀድቼው ነበር፤ መልሼዋለሁ። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው ብዬ ስለነበር አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይደግፈዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። 4 ሰዓት እስኪሆን እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። 15 በ13 ሲባዛ 195 ከሆነ በአሜሪካው ጠርሙስ ስድስት ሲሲ ያህል መስጠት አልችልም? ለምን 5 ብቻ አሉኝ?

ቃልኪዳን ከካዛንቺስ
ከምሽቱ 2፡41

እኔም ከውጭ በሚመጣ መድኃኒት ብዙ ተቸግሬያለሁ። እናቴ የእንቅርት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሐኪሟ ወረቀቱ ላይ 0.05 ሚሊ ግራም ብሎ ጽፎላት ነበር። ወንድሜ ከጀርመን የላከው ካርቶን ላይ ግን 50 የሚል ትልቅ ቁጥር አለ። እኔ በጣም ደንግጬ ለሦስት ሳምንት ያህል እንዳትወስድ ከለከልኳት። የልጅሽም ነገር እንደዚህ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ባትሰጫት ይሻላል፤ የውጭ መድኃኒት ለፈረንጅ ሰውነት ተለክቶ ነው የሚሠራው።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከምሽቱ 2፡52

ቃልኪዳን፣ የእናትሽ ካርቶን ላይ ከ50 ቀጥሎ ያለውን መለኪያ አይተሽው ነበር? ጀርመኖቹ ማይክሮ ግራም ብለው በሙሉ ቃል ነው የሚጽፉት። አንድ ሚሊ ግራም አንድ ሺህ ማይክሮ ግራም ስለሆነ፣ 0.05 ሚሊ ግራምና 50 ማይክሮ ግራም ልክ አንድ ናቸው። ሐኪሙም ካርቶኑም ትክክል ነበሩ። ማይክሮ ግራም በአንዳንድ ካርቶን ላይ ጭራ ባላት የግሪክ ፊደል ይጻፋል፤ በፍጥነት ሲታይ ሚሊ ግራም ይመስላል፤ በዚያ የሚሳሳት ሰው ስሕተቱ የሺህ እጥፍ ነው። እናትሽ ሦስት ሳምንት ካቋረጡ ግን መልሰው ሲጀምሩ ሐኪማቸው እንዲያውቀው አድርጊ። ለፈረንጅ ሰውነት ተለክቶ ይሠራል የሚለው ግን እውነት አይደለም፤ የፓራሲታሞል መጠን በኪሎ የሚሰላው ለአዲስ አበባም ለዋሽንግተንም ልጅ በአንድ ዓይነት ነው።

የሀና እናት፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። 6 ሲሲ 192 ሚሊ ግራም ስለሚሆን በስሌት ከልኩ አይወጣም። 5 ያልኩት የአሜሪካው መመሪያ ራሱ እንዲህ ስለሚል ነው። የእነሱ ሰንጠረዥ ክብደትን በፓውንድ ነው የሚጽፈው፤ ከ24 እስከ 35 ፓውንድ ለሆነ ልጅ 5 ሲሲ ይላል። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ስለሆነ 13 ኪሎ ወደ 29 ፓውንድ ገደማ ነው፤ እዚያው መደብ ውስጥ ይወድቃል። መመሪያው ለተመዘነውም ላልተመዘነውም ልጅ እንዲሆን ተደርጎ ስለሚጻፍ ወደ ዝቅተኛው ያደላል።

እዚህ ላይ የማየው ስሕተት አለ። 24 ኪሎ የሆነ የሰባት ዓመት ልጅ ያላቸው ወላጆች «24» የሚለውን ቁጥር አይተው ያንኑ 5 ሲሲ ይሰጣሉ። 24 ኪሎ ግን 53 ፓውንድ ነው፤ በሰንጠረዡ 10 ሲሲ የሚገባው ነው። ግማሽ መጠን ሰጥተው ትኩሳቱ አልወርድ ሲላቸው ሰዓቱ ሳይደርስ ይደግማሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ስንት እንደወሰደ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ያሬድ ዘመርካቶ
ከምሽቱ 2፡58

የእኔን ልምድ ልጨምር። አሜሪካኖቹ ለጨቅላ የሚሉትና ለልጆች የሚሉት ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አላቸው። ለጨቅላ የተባለው የቀለለ ስለሆነ ለትልቅ ልጅ ከሱ ሲሰጥ እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከምሽቱ 3፡07

ያሬድ፣ እባክህን እንደዚያ አታድርግ። የዛሬዎቹ ሁለቱም ጠርሙሶች በአምስት ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ናቸው፤ የሚለያዩት አንደኛው በሲሪንጅ፣ ሌላው በመለኪያ ኩባያ መምጣታቸው ላይ ነው። ድሮ ደግሞ ነገሩ አንተ ካሰብከው በተቃራኒ ነበር። የጨቅላው ጠብታ በ0.8 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ይይዝ ነበር፤ ይህ በአንድ ሲሲ 100 ማለት ስለሆነ ከልጆቹ ሽሮፕ ሦስት እጥፍ የበረታ ነበር። ጨቅላ ብዙ ፈሳሽ መዋጥ ስለማይችል ነው በጥቂት ጠብታ እንዲሰጥ ያጠነከሩት። ወላጆች ግን ልክ እንደ አንተ ለጨቅላ የተባለው ይቀላል ብለው በማንኪያ ይሰጡት ነበር፤ በዚህም ምክንያት በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አምራቾቹ ሁሉንም ወደ 160 ለማምጣት ወሰኑ። በሌሎች አገሮች በአንድ ሲሲ 100 የሆነው ጠብታ ዛሬም ይሸጣል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ያለው የሕፃን ሥዕልም ሆነ ለጨቅላ የሚለው ቃል ስለ ጥንካሬው አይነግርህም፤ የሚነግርህ በስንት ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም የሚለው መስመር ብቻ ነው።

የሀና እናት፣ የጉንፋኑን ጠርሙስ እስካሁን አላየነውም። ከጀርባው ላይ በጥቁር መስመር የታጠረ ጽሑፍ ይኖራል። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ክፍል በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያሉትን ፈዋሽ ንጥረ ነገሮች በስም ይዘረዝራል። እነሱን አንድ በአንድ ጽፈው ይላኩልኝ።

የሀና እናት (ፒያሳ)
ከምሽቱ 3፡21

ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥጉ ላይ ተላጦ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ መሆኑን አሁን ነው ያየሁት፤ ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለው። ፊደሉ በጣም ስለሚያንስ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ አነበብኩት። አራት ስም አለው። የመጀመሪያው አሴታሚኖፌን 160 ሚሊ ግራም ነው። ሌሎቹ ክሎርፌኒራሚን 1፣ ዴክስትሮሜቶርፋን 5፣ ፌኒሌፍሪን 2.5 ሚሊ ግራም ናቸው።

አራት የተለያየ መድኃኒት ነው ማለት ነው? ከፊት ለፊቱ ላይ ግን የሚለው ጉንፋን፣ ሳልና ንፍጥ ብቻ ነው። እኔ ማታ ከትኩሳቱ ሽሮፕ ጋር ደርቤ ልሰጣት ነበር።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከምሽቱ 3፡33

አዎ፣ አራት ነው። የመጀመሪያው ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ለአለርጂና ለንፍጥ፣ ለሳል፣ አፍንጫ ለመክፈት የሚሰጡት ሌሎቹ ሦስቱ ተጨምረውበታል። የፊት ገጹ ሕመሙን ይናገራል፣ የጀርባው ደግሞ መድኃኒቱን። ሁለቱን ሽሮፖች ደርበው 5 ሲሲ 5 ሲሲ ቢሰጧት በአንድ ጊዜ 320 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ትወስድ ነበር፤ ይህም በኪሎ 25 ገደማ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ቢደጋገም 1,600 ሚሊ ግራም፣ በኪሎ 123 ይደርሳል። ለልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ ከ75 ማለፍ የለበትም። ያለፈውን የሚከፍለው ጉበት ነው፤ ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ደህና ሊመስል መቻሉ ነው። ማቅለሽለሽ ቢኖር እንኳን ከትኩሳቱ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ከመጠን በላይ መሰጠቱ የታወቀ ልጅ ምልክት ሳይጠበቅ ጠርሙሱ ተይዞ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ማርከሻው በጣም የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው።

አሁን ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ወረድ ብለው ማስጠንቀቂያ የሚለውን ክፍል ያንብቡ። በደማቅ የተጻፈ የጉበት ማስጠንቀቂያ ያገኛሉ። ከዚያ በታች አትጠቀሙ የሚል አርእስት አለ፤ የመጀመሪያው መስመር አሴታሚኖፌን ካለበት ከማንኛውም ሌላ መድኃኒት ጋር አትጠቀሙ የሚል መሆን አለበት። ይህ መስመር ልክ የእርስዎን የዛሬ ማታ ሁኔታ ነው የሚናገረው። በመጨረሻ መመሪያ የሚለውን ክፍል ይዩና ስለ ዕድሜ የሚለውን ይንገሩኝ።

የሀና እናት (ፒያሳ)
ከምሽቱ 3፡44

አገኘሁት። ከ6 እስከ 11 ዓመት 10 ሚሊ ሊትር ይላል። ከ4 እስከ 5 ዓመት ሐኪም ካላዘዘ አትስጡ ይላል። ከ4 ዓመት በታች አትስጡ ይላል። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። እኅቴ የላከችው የራሷ ልጆች ስለሚወስዱት ነው፤ የእሷ ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው። ካርቶኑ ላይ ይህ በትልቁ ሳይጻፍ አይቀርም ነበር።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከምሽቱ 3፡50

እንግዲህ የጉንፋኑ ሽሮፕ ለሀና አይደለም፤ እጇ ከማይደርስበት ያስቀምጡት። ለትኩሳቱ አንዱን ጠርሙስ ይምረጡና በዚያው ብቻ ይቀጥሉ፤ ሁለቱን አያፈራርቁ። የሰጡበትን ሰዓትና የሲሲውን መጠን ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ይጻፉ።

መምህር ከአራት ኪሎ
ከምሽቱ 3፡58

ስለ ማቅጠኑና ስለ ወሩ የሰጠሽውን እርማት ተቀብያለሁ፣ ልጄ። ሆኖም አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅ። ያለፈበት መድኃኒት በማግሥቱ መርዝ ይሆናል ወይ? ጽሕፈቱ ማርች 31 የሚል ከሆነ ኤፕሪል 1 ጠዋት ምን ይለወጣል?

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ምሽት 4፡06

መምህር፣ በአንድ ሌሊት የሚለወጥ ነገር የለም። ቀኑ አምራቹ በታሸገ ጠርሙስ፣ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ሙቀት ተቀምጦ ከሆነ ሙሉ መጠኑ እስከዚህ ድረስ አለ ብሎ ኃላፊነት የሚወስድበት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት እንደቀረ እኔም እርስዎም በዓይን ማወቅ አንችልም። የአሜሪካው ጠርሙስ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይቀመጥ ይላል፤ በጉዞ ላይ ስንት ቀን በየትኛው መጋዘን እንደተቀመጠ ደግሞ አናውቅም። ሽሮፕ ስኳርና ውኃ ያለበት ፈሳሽ ስለሆነ ከእንክብል የበለጠ ያሳስበኛል። ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከሥር ከረጋና ሲነቀነቅ ካልተዋሐደ ወይም ሽታው ከጎመዘዘ ቀኑ ባያልፍም አልሰጠውም።

የሀና እናት፣ ሌላው ልጠይቅዎት የሚገባኝ ነገር ይኸው ነው። ጠርሙሱ ሲደርስዎት ክዳኑ ሥር ያለው የታተመበት ስስ ሽፋን አልተነካም ነበር? የአሜሪካ ጠርሙሶች ሽፋኑ ከተቀደደ ወይም ከሌለ አትጠቀሙ የሚል ጽሑፍ አላቸው። ካርቶኑን ያወጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቀምሶም ይሆናል።

የሀና እናት (ፒያሳ)
ምሽት 4፡15

የትኩሳቱ ጠርሙስ ሽፋን እንዳለ ነበር፤ እኔ ነኝ ዛሬ የከፈትኩት። የጉንፋኑ ግን ተከፍቶ ነበር።

አሁን 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከአገራችን ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። ያለ መርፌ የሚሸጥ ባለ 5 ሲሲ ሲሪንጅ ስለነበረኝ እስካሁን ስሰጣት የነበረውን የሻይ ማንኪያ በውኃ ሞላሁና መልሼ በሲሪንጁ ሳብኩት። ሦስት ሲሲ ተኩል ብቻ ነው የያዘው። ከመሳቢያው ሌላ የሻይ ማንኪያ አውጥቼ ለካሁት፤ እሱ ደግሞ ስድስት ሲሲ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቅድም ትኩሳቱ ያልወረደላት አንድ ማንኪያ ተኩል ያልኩት በትንሹ ማንኪያ ስለነበር ይሆን? አሁን 7.5 ሲሲ በሲሪንጅ፣ አንድ ጊዜ 5 ቀጥሎ 2.5 አድርጌ ነው የሰጠኋት።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ምሽት 4፡24

በትንሹ ማንኪያ ከሆነ የደረሳት 5.25 ሲሲ ነው፤ ወደ 126 ሚሊ ግራም ነው። ከዝቅተኛው ልክ በጥቂቱ ስለሚያንስ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳቱ ራሱ የበረታም ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። የቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም። በእንግሊዝኛ ካርቶን ላይ ደግሞ የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ምሕጻረ ቃላቸው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚለያየው፤ የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 15 ሲሲ ነው። ስለዚህ ሲሪንጁን አይተዉት። ነገ ትኩሳቱ ከቀጠለ ሦስተኛ ቀኗ ስለሚሆን ጤና ጣቢያ ይታይላት።

ሰላማዊት ከሜክሲኮ አደባባይ
መጋቢት 13 ቀን፣ ከጠዋቱ 1፡40

ሌሊቱን ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከቤይሩት ስመለስ ይዤው የመጣሁት የልጅ ፓራሲታሞል ጠብታ አለኝ፤ ካርቶኑ በዓረብኛ ብቻ ነው የተጻፈበት። ዓረብኛ መናገር እችላለሁ እንጂ ማንበብ ብዙም አልችልም። አንድ ዘንግ ከሚመስል ምልክት ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አለ። ሁለቱን ነጥቦች የማይረቡ መስለውኝ «1» ብዬ ነው ያነበብኩት። ሌላ መስመር ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ አለች፤ እሷን ዜሮ ብዬ ወሰድኳት። ለወንድሜ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ስሰጠው ቆይቻለሁ። አሁን እየፈራሁ ነው።

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከጠዋቱ 1፡55

ሰላማዊት፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ጠብታ አትስጪው። በዓረብኛ አጻጻፍ ነጥቡ ዜሮ ነው፣ ክቡ ደግሞ አምስት ነው። ዘንግና ሁለት ነጥብ 100 ማለት ነው። ቁጥሩ ደግሞ እንደ ጽሑፉ ከቀኝ ሳይሆን እንደ እኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። መቶ ሚሊ ግራም በአንድ ሲሲ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያው 500 ሚሊ ግራም ነው፤ የአዋቂ አንድ ክኒን ሙሉ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠሽው መቼ ነው? በቀን ስንት ጊዜ?

ሰላማዊት ከሜክሲኮ አደባባይ
ከጠዋቱ 2፡03

ኪሎውን አላውቅም፤ አራት ዓመቱ ነው። የሰጠሁት ባለፈው ወር ለሁለት ቀን፣ ጠዋትና ማታ ነበር። አሁን ደህና ነው፣ ይሮጣል። ግን ክቧ ያለችበት መስመር 100 ከተጻፈበት ጋር ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። መቶው በአንድ ሲሲ ነው ወይስ በአምስት ሲሲ?

የቸርችል ጎዳና ፋርማሲስት
ከጠዋቱ 2፡10

አንድ ወር አልፎት ደህና ከሆነ በዚያ የሚያሠጋው ነገር የለም። በአንድ ሲሲ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ የሚገባው መጠን ከሁለት ሲሲ አካባቢ የማያልፍ ነበር፤ በአምስት ሲሲ ከሆነ ደግሞ የሰጠሽው ከሚያስፈልገው በታች ነው። የትኛው እንደሆነ ካርቶኑን ሳላይ መናገር አልችልም። አራቱንም ጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ በብዙ የዓረብ አገር ካርቶኖች አንደኛው ጎን እንግሊዝኛ ስለሚሆን ገልብጠሽ እዪው።

የሀና እናት (ፒያሳ)
ከጠዋቱ 2፡31

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደግሜ 7.5 ሲሲ ሰጥቻታለሁ፤ አሁን 37.7 ነው። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ጤና ጣቢያ እየወጣን ነው፤ ሦስቱንም ጠርሙስ በፌስታል ይዣቸዋለሁ።